የማሽኑ ተራ

ሰላማዊት ችካሉን ወንዙ ዳር ተከለች። አያ መኮንን ነቀሉት።

«አባባ፣ ምነው?»

«እዚህ አይሆንም።»

ወሩ ጥር ነው፣ ቦታው ከጮቄ ተራራ ሥር። ምንጩ ከወንዙ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል። መንደሩ ደግሞ ከምንጩ 30 ሜትር ሽቅብ ነው። ሴቶቹ ያንን ዳገት የሚወጡት ጄሪካን አዝለው ነው። ሰላማዊት ከዞን የመጣችው ይህን ሸክም ልታስቀር ነው። የያዘችው ራም ፓምፕ ናፍጣም መብራትም አይፈልግም፤ የሚሠራው በራሱ በውሃው ጉልበት ነው።

አያ መኮንን የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው። መስኖው ለማን ዛሬ፣ ለማን ነገ እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«ከምንጩ አጠገብ፣ ከቦዩ አፍ ላይ ትከይው» አሉ።

«እዚያ መውደቂያው 1 ሜትር ብቻ ነው። በ1 ሜትር ውሃውን 31 ሜትር ማውጣት አይቻልም። እዚህ ታች ግን 5 ሜትር አለኝ።»

«መውደቁ ምን ይረባዋል? እኛ የምንፈልገው እንዲወጣ አይደል?»

ሰላማዊት ቁጢጥ አለች። የፓምፑን ቫልቭ በጣቷ ወደ ታች ተጫነች።

«ውሃው በብረት ቱቦ ቁልቁል ይሮጣል። ሲፈጥን ይሄ ክዳን ጠርቅም ይላል። በሬ እየጋለበ መጥቶ በር ቢዘጋበት በሩን አይገጨውም? ውሃውም እንደዚያ ነው። ግጭቱ ይሄኛውን ቫልቭ ከፍቶ ትንሽ ውሃ ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ ክዳኑ ይወድቃል፣ እንደገና ይሮጣል። ቀንም ሌሊትም።»

«ትንሽ ብቻ? ሌላውስ?»

«ሌላው በክዳኑ ይፈሳል።»

«ወዴት?»

መልሱን ሁለቱም አዩት። ወንዝ ነው። ቦዩ ከላይ ቀርቷል። ፓምፑ ቀንና ሌሊት ከሠራ የምንጩ ውሃ ሁሉ ከቦዩ በታች ይወርዳል፤ ድንቹም ሽንኩርቱም ይደርቃል።

«ሌላም አለ፣ ነይ» አሉና ወደ ዋንዛው ወሰዷት። ቅርንጫፉ መንታ በሚሆንበት ላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተወትፏል። ከወንዙ ወለል 1 ሜትር ከፍ ይላል።

«ማን ሰቀለው?»

«ወንዙ። ያለፈው ነሐሴ። ድንጋይም እያንከባለለ ነው የመጣ። ማሽንሽን ጠራርጎ አባይ ያወርደዋል።»

ሰላማዊት ሣሩን ነካችው። ጭቃው ላዩ ላይ ደርቋል። ሌቭሏን አምጥታ ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ዝም አለች። ጎርፉ በዚህ ወቅት አይታይም፤ ያየውን ሰው ሳይጠይቁ ችካል መትከል አልነበረባትም። ስለ ላይኛው ቦታ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«አባባ፣ ስለ ጎርፉ እውነትዎን ነው። ከዚህ ምልክት በላይ ልውጣ። ከምንጩ አጠገብ ካሉኝ ግን ብረቱን አስቀምጬላችሁ መሄዴ ነው እንጂ ውሃ መንደር አይደርስም።»

«ቦዩስ?»

«እሱን አላውቅም።»

አያ መኮንን ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ማሳዎቹ አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ሌሊት መስኖ የሚያጠጣ የለም» አሉ በመጨረሻ። «ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ውሃው ዝም ብሎ ወንዝ ይገባል። ማሽንሽም እንደ ሰው ተራ ይያዝ። ሌሊቱ የሱ ነው።»

ሰላማዊት ስልኳን አውጥታ አሰላች። ምንጩ በደቂቃ 60 ሊትር ይሰጣል። ከሣሩ ልክ ግማሽ ሜትር ከፍ ብትል መውደቂያው 3.5 ሜትር ይሆናል። ከመንገድ የሚባክነው ጉልበት ሲቀነስ፣ በ12 ሰዓት ወደ 2,700 ሊትር።

«135 ጄሪካን» አለች። «ለ30 አባወራ አራት አራት ጄሪካን ይደርሳል፣ ትንሽም ይተርፋል። ላይ ግን ማጠራቀሚያ ገንዳ ያስፈልጋል።»

«ድንጋዩንና አሸዋውን እኛ እናቀርባለን። ሲሚንቶውን አንቺ።»

ችካሉን ከሣሩ ልክ ጥቂት ከፍ አድርጋ ተከለች። አያ መኮንን ደግሞ ነቀሉት። ከሣሩ ልክ ጀምረው በክንዳቸው ለኩ፣ አንድ ሙሉ ክንድ ከፍ አደረጉት።

«አባባ፣ ከፍ ባልን ቁጥር ጉልበት እናጣለን!»

«ጉልበት ያጣ ይሠራል። ጎርፍ የወሰደው አይሠራም።»

ለካችው። ክንዳቸው ግማሽ ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያሰላችው ልክ ነው። መዶሻዋን አነሳችና ችካሉን አጠበቀችው።

«ማታ ማታ ከፍቶ፣ ክዳኑን በእጁ ደጋግሞ ተጭኖ የሚያስነሳው ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት ደግሞ የሚዘጋው። ማንን ላሰልጥን?»

«ተራ የሚያዘው ማን ሆነና? እኔን ነዋ። ግን የልጅ ልጄንም ጨምሪያት፤ እሷ ሮጣ ትደርሳለች።»