የቋንቋ አመክንዮ መለማመጃ፦ የተለወጡ ቃላትን መፍታት

መመሪያ፦ ይህ መለማመጃ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ቃላቱ የተለወጡበትን አንድ ሕግ ይዟል። ሕጉን ከምሳሌዎቹ አውጥታችሁ ለተጠየቀው ቃል ተጠቀሙበት። የፊደል ገበታው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን 33 ፊደላት የያዘው ነው። ከሳብዕ ቀጥሎ ግዕዝ ይመጣል።

1. «ሰላም» «ሱሌሞ»፣ «ቡና» ደግሞ «ቢኔ» ተብሎ ተጻፈ። በዚሁ ሕግ «ለማ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ምን ነበር?
ሀ) ሉሜ  ለ) ሎሚ  ሐ) ማለ  መ) ሐሣ

2. «በግ» «ተጥ»፣ «ዶሮ» ደግሞ «ጆሶ» ከሆነ፣ «ቤት» ምን ይሆናል?
ሀ) ብቶ  ለ) ቄብ  ሐ) ቴች  መ) ትቤ

3. «ከተማ» «ማተከ»፣ «መስኮት» ደግሞ «ትኮስመ» ከተባለ፣ «ወንበር» ምን ይባላል?
ሀ) ርንበወ  ለ) በርወን  ሐ) ርበንወ

4. «ማር ጣፋጭ ነው» በ ○ △ ☆፣ «ቡና መራራ ነው» በ △ □ ◇፣ «ማር መራራ አይደለም» በ ◇ ☆ ● ተመልክቷል፤ ምልክቶቹ የቃላቱን ተራ አይከተሉም። «ቡና» እና «ጣፋጭ» የተወከሉት በየትኞቹ ምልክቶች ነው?

መልስና ማብራሪያ

የመጀመሪያው መልስ ለ ነው። እያንዳንዱ ሆሄ በራሱ ቤት አንድ እርከን ወደፊት ስለሄደ፣ ስንፈታው ወደኋላ እንመለሳለን፤ «ማ» ከራብዕ ወደ ሣልስ «ሚ»፣ «ለ» ደግሞ ከግዕዝ ዞሮ ወደ ሳብዕ «ሎ» ይሆናል። «ለማ» ራሱ ትርጉም ያለው ቃል መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ «ሉሜ»ን የመረጠ ተማሪም ሕጉን አግኝቶ አቅጣጫውን የሳተ ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ የሚለወጠው ቤቱ እንጂ እርከኑ አይደለም፤ «በ» ወደ «ተ»፣ «ተ» ወደ «ቸ» ሲወርዱ ኃምሱ ኃምስ፣ ሳድሱ ሳድስ ሆኖ ስለሚቀር መልሱ ሐ ነው። እዚህ ላይ የቃሉ አጻጻፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፦ «ሰው» በ«ሰ» ሲጻፍ «ሸዕ» ሲሆን፣ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ግን «ረዕ» ይሆናል፤ ድምፃቸው አንድ የሆነው ሁለቱ ፊደላት በገበታው ላይ ቦታቸው የተለያየ ነውና። ስለዚህ ቃሉን እንደታተመው እንጂ እንደለመዳችሁት አትጻፉ።

የሦስተኛው መልስ ሐ ነው። «ከተማ» ብቻውን ቢሰጥ ኖሮ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ይገለበጥ ወይስ ዳርና ዳሩ ብቻ ይቀያየር መለየት ባልተቻለ ነበር፤ ባለሦስት ሆሄ ቃል በሁለቱም መንገድ አንድ ውጤት ይሰጣልና። ሀ የሚለውን ምርጫ የሚያስወግደው «መስኮት» ነው።

በአራተኛው፣ አንደኛውና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚጋሩት «ነው» △፣ አንደኛውና ሦስተኛው የሚጋሩት «ማር» ☆ ስለሆነ ለ«ጣፋጭ» የሚቀረው ○ ነው። «መራራ» ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚጋሩት ◇ ስለሆነ «ቡና» □ ነው።