በእርስዎ ክትትል ሥር ስለ ማስታወስ ምርምር ለመሥራት የቀረበ ጥያቄ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፑኔ፣ ህንድ

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ጤና ይስጥልኝ። ብሩክ እባላለሁ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት የካ አባዶ ነው። እዚህ ፑኔ የሥነ ልቦና ማስተርሴን ባለፈው ክረምት ጨርሻለሁ። ከጥር ጀምሮ ለስድስት ወር በእርስዎ ክትትል ሥር ስለ ማስታወስ ምርምር እንድሠራ እንዲፈቅዱልኝ ልጠይቅዎ ነው የምጽፈው። ደመወዝ አልጠይቅም። አገር ቤት ስመለስ የምኖረው እናቴ ቤት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ራስን መፈተን ነበር። ሮዲገርና ካርፒኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ሥራ ያውቁታል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ መጽሐፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ናቸው። ይህን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ የገባሁበት ቄስ ትምህርት ቤት ነው።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስመጣ ሰፈራችን አቅራቢያ ካለው ደብር ሄጄ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ ልጅ ፊታቸው ቆሞ የማክሰኞውን ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይላል። አንድ ቃል ሲስት የኔታ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉ። ትክክለኛውን ወዲያው አልነገሩትም። ዝም አሉ። ልጁ ወደ ስንኙ መጀመሪያ ተመልሶ እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው መጣለት። ካልመጣለት ብቻ ነው የሚያቀብሉት። ከሳይንሱ ብዙ ዘመን በፊት እዚያ መደብ ላይ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን በአግባቡ ተለክቶ አላየሁም።

ጥያቄዬን የወለደው ሌላም ነገር አለ። ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 መርሳትን ሲለካ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ክፍለ ቃላት ፈጥሮ ነበር፤ ትርጉም ልኬቱን እንዳያዛባበት ብሎ። የእኛ ልጆች የሚይዙት ግእዝ ግን ትርጉም አለው፣ ለእነሱ ገና አልተገለጠም እንጂ። ትርጓሜው ኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ የሚሸከማቸው ዜማውና የቃሉ አወራረድ ነው። እነሮዲገር የፈተኗቸው ግን የሚገባቸውን ጽሑፍ ያነበቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በቃል መባሉ የሚሰጠው ጥቅም፣ ትርጉሙ ገና ባልታወቀ ነገር ላይም ይሠራል? ማጥናት የምፈልገው ይህን ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አዲስ አጫጭር ምንባቦችን በሁለት መንገድ ይማራል። አንዱን ሰምቶ ራሱ በቃሉ ይላል፤ ሌላውን ያንኑ ያህል ጊዜ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማል ብቻ። ከምንባቦቹ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በግእዝ ይሆናሉ። በዚያው ቀንና ከሳምንት በኋላ ይጠየቃሉ። የጸሎት ትምህርታቸውን አልነካም። ሥራው ከትምህርት ሰዓታቸው ውጭ ነው። ልጆቹን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ማወዳደር ግን አልፈልግም። ቄስ ትምህርት ቤት የሚቆየው ጎበዙ ልጅ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የዘዴው ነው ያልነው ውጤት የልጁ ሊሆን ይችላል። አንዱን ልጅ ከራሱ ጋር ማወዳደር ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

ለብቻዬ የማልወጣቸው ነገሮች አሉ፤ የእርስዎን እርዳታ አጥብቄ የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ልጆች ላይ የሚሠራ ምርምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የወላጆችም፣ የደብሩም፣ የየኔታም ይሁንታ ያስፈልጋል። ለልጆቹ ራሳቸው ደግሞ "እምቢ ማለት ትችላለህ" ብሎ ከልብ መንገር ይገባል፤ ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ይህን እንዴት ባለ አነጋገር እንደምንነግራቸው ከእርስዎ መማር እፈልጋለሁ። ስንኝ ሲሳት፣ ቃል ሲዘለል፣ ሲያቀብሉት ሲመጣለት እንዴት እንደምናርምም አብረን ብንወስን ደስ ይለኛል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራዬን ቢያዩልኝ ይበቃኛል። በቀሪው ጊዜ የእርስዎን ሌሎች ሥራዎች አግዛለሁ። መረጃ ማስገባት፣ ቃለ መጠይቅ መገልበጥ፣ በኤስፒኤስኤስ መተንተን እችላለሁ። ኦሮምኛም እሰማለሁ፤ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ለሚሠራ ሥራ ሊጠቅምዎ ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፌን፣ የትምህርት ማስረጃዬንና የምርምሩን ረቂቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ረቂቁ ላይ የማይጥምዎ ነገር ካለ ሳይሳሱ ይንገሩኝ። የሚመችዎ ቀን ካለ ለሃያ ደቂቃ በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። እኔ በማንኛውም ሰዓት እችላለሁ። ጥር ላይ ቦታ ከሌለዎትም ለሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ብሩክ