የሳይካትሪ ነርሲንግ ጥያቄ ቁጥር 14፦ የትኛው የጎንዮሽ ጉዳት ከየትኛው ሪሴፕተር?

ለሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች። መጀመሪያ ራሳችሁ መልሱ፤ ማብራሪያው ከታች ነው።

አንዲት የ27 ዓመት ሴት ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባት ታውቆ ማታ ማታ ክሎርፕሮማዚን 300 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመረች 6 ሳምንት ሆኗታል። ይሰማት የነበረው ድምፅ ቀንሷል። ለክትትል ስትመጣ ለነርሷ እነዚህን ትናገራለች፦

1. «ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ራሴን ያዞረኛል። ትናንት ልወድቅ ነበር።» ተኝታ ሲለካ የደም ግፊቷ 118/76፣ የልብ ምቷ 84 ነው። ከቆመች ከ3 ደቂቃ በኋላ ግፊቷ 90/60፣ የልብ ምቷ 112 ሆነ።
2. «ቀኑንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።»
3. «አፌ ደርቆ እንጀራ ያለ ውሃ አልወርድ አለኝ። ሰገራ ከወጣሁ 4 ቀኔ ነው።»
4. «የወር አበባዬ ቀረ። ሳልወልድ ጡቴ ወተት ያወጣል።» የእርግዝና ምርመራዋ ነጋቲቭ ነው።

መድኃኒቱ የትኛውን ሪሴፕተር በመዝጋቱ ነው እያንዳንዱ የመጣው?

ሀ. 1 ሙስካሪኒክ፣ 2 ሂስታሚን ኤች1፣ 3 አልፋ 1፣ 4 ዶፓሚን ዲ2
ለ. 1 አልፋ 1፣ 2 ዶፓሚን ዲ2፣ 3 ሙስካሪኒክ፣ 4 ሂስታሚን ኤች1
ሐ. 1 አልፋ 1፣ 2 ሂስታሚን ኤች1፣ 3 ሙስካሪኒክ፣ 4 ዶፓሚን ዲ2
መ. 1 አልፋ 1፣ 2 ሙስካሪኒክ፣ 3 ሂስታሚን ኤች1፣ 4 ዶፓሚን ዲ2

መልሱ ሐ ነው።

ሰንጠረዡን ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሪሴፕተር ሳይዘጋ ሥራው ምን ነበር?

አልፋ 1 የደም ሥርን ያጠብባል። ስንቆም ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ሲዘጋ ግፊት ይወርዳል፤ ልብ ደግሞ ለማካካስ ይፈጥናል። ከ84 ወደ 112 የሄደው ለዚህ ነው። ሲስቶሊኩ በ20 ወይም ዳያስቶሊኩ በ10 ከወረደ ከአቋቋም ጋር የሚመጣ የግፊት መውረድ ነው። ታካሚዋ ከመነሳቷ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ እንድትቀመጥ ንገሯት። አንድ ጥንቃቄም አለ፦ በክሎርፕሮማዚን ግፊቱ በጣም ለወደቀ ሰው አድሬናሊን ግፊት ለማንሣት አይሰጥም። አልፋው ስለተዘጋ የቤታ 2 ሥራ ብቻውን ይቀራል፤ የደም ሥር ይሰፋል፤ ግፊቱ ይብስ ይወርዳል።

ኤች1 አእምሮን ነቅቶ ያቆያል። ሲዘጋ እንቅልፍ ይመጣል፤ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። ስለዚህ ክብደቷን በየቀጠሮው መዝኑ።

ሙስካሪኒክ ምራቅ ያመነጫል፣ አንጀትና ፊኛን ያንቀሳቅሳል። ሲዘጋ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት ይያዛል፣ እይታ ይደበዝዛል። የአራት ቀን ድርቀትን «ውሃ ጠጪ» ብላችሁ አትለፉት፤ ሆዷን ዳስሱ፣ የአንጀት ድምፅ አዳምጡ፣ ለሐኪሙ አሳውቁ። አርቴን ጨምራ የምትወስድ ከሆነም ጠይቋት። እሱም ሙስካሪኒክን ስለሚዘጋ ድርቀቱ ይደራረባል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አራተኛው ላይ ነው። ዲ2 ሲባል የሚታወሰው የጡንቻ ነገር ነው፦ የአንገት መጣመም፣ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ አለመቻል። ልክ ነው፤ ዲ2 እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል መስመር ላይ ሲዘጋ የሚመጣው ይህ ነው። ነገር ግን ዶፓሚን ሌላም መስመር አለው፤ ከሃይፖታላመስ ወደ ፒቱታሪ እየሄደ ፕሮላክቲን እንዳይበዛ ይከለክላል። እዚያ ዲ2 ሲዘጋ ፕሮላክቲን ይፈታል። ወተት ይመጣል፣ የወር አበባ ይቀራል። በወንድ ደግሞ ጡት ያድጋል፣ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ ሪሴፕተር በቦታው ልክ ሁለት መልክ አለው።

ይህን ጥያቄ የጻፍኩት አንዲት ታካሚዬን እያሰብኩ ነው። ክፍል ውስጥ ስሠራ ሁለት ወር ሙሉ ሻርፕ ደረቷ ላይ ጠቅልላ ትመጣ ነበር። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ቀሚሷ ሁለት ቦታ ረጥቦ አየሁ። በጆሮዋ ቀስ ብዬ ስጠይቃት አለቀሰች። «ማን ያምነኛል፤ ወንድ አላወቅኩም» አለችኝ። ክኒኑንም በራሷ አቁማዋለች። የመድኃኒቱ ሥራ እንደሆነ፣ ሐኪሙ የሚለውጠው ሌላ መድኃኒት እንዳለ ያን ዕለት ነገርኳት።

ስለዚህ አራተኛውን ምልክት ታካሚዋ እስክትናገር አትጠብቁ። በሩን ዝጉ፣ አስታማሚውን በትህትና ደጅ አስወጡ፣ ከዚያ «የወር አበባሽ እንዴት ነው? ጡትሽ ላይ የሚፈስ ነገር አለ?» በሏት። ታካሚው ወንድ ከሆነም በእርጋታ ጠይቁት።