588 ብር

ጋሽ አስራት ነገሩን ያወቀው ባንክ ሰልፍ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣ አሥራ አራተኛ ወሩ ነበር። በየወሩ እዚያው ይሰለፋል፣ 2,925 ብር ይቀበላል፣ ሳይቆጥር ኪሱ ይከታል። የዚያን ቀን ከፊቱ ጥላሁን ነበር፣ መርካቶ ሽሮ ሜዳ አንድ አውቶቡስ እየተቀባበሉ ስንት ዓመት የነዱት ጥላሁን። ከመስኮቱ ዞር ብሎ ብሩን ሲቆጥር ጋሽ አስራት ሳያስበው አብሮ ቆጠረ። 4,515።

"ልጆችህ የላኩልህም አለበት እንዴ?"

"የምን ልጆች? ጡረታዬ ነዋ።"

ጥላሁን እኮ የተቀጠረው ከእሱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ደመወዛቸው እኩል ነበር፣ የመጨረሻውም ጭማሪ ለሁለቱም የመጣው በአንድ ቀን ነው።

"ቀላል ሂሳብ ነው" አለ ጥላሁን። "ለመጀመሪያው አሥር ዓመት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ከሩብ። የመጨረሻው ሦስት ዓመት ደመወዝህ አማካይ ላይ ነው የሚሰላው። ያንተ እንዲያውም ከኔ መብለጥ አለበት።"

ቤት ሲደርስ ዝም አለ። መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። ትርፍ ሰዓቱንና አበሉን ደምሬ እያሰብኩ ይሆናል አለ፤ አበል ለጡረታ እንደማይቆጠር ያውቃል። አልማዝ ግን ቡናውን አስቀምጣ አፈጠጠችበት።

"ምን ሆነሃል?"

ነገራት። ምንም ሳትል ተነስታ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ጋሽ አስራት 31 ዓመት ሙሉ ስሊፑን ሳያነብ አጥፎ "እንኪ" ብሎ ነው የሚሰጣት፤ አልማዝ ደግሞ ወረቀት መጣል አትወድም፣ በዚህ ነገር ስንቴ ተጨቃጭቀዋል።

የልጅ ልጃቸው ሕሊና አንዱን አነሳች።

"አባባ፣ 588 ብር የተቆረጠው ምንድን ነው?"

"የጡረታ መዋጮ ነዋ። ሰባት ከመቶ።"

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። "የ8,400 ነዋ።"

"ደመወዜ 8,400 ነበር፣ ምን አዲስ ነገር አለው?"

"ቆይ። 31 ዓመት ማለት 56.25 ከመቶ ነው። የምትቀበለው ደግሞ 2,925..." እንደገና ነካካች። "አባባ፣ ያንተን ያሰሉት በ5,200 ነው። 5,200 የነበርከው መቼ ነው?"

ጋሽ አስራት ቡናውን አስቀመጠ። 5,200 የድሮ ደመወዙ ነው። ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ሲቀረው የተውት ደመወዝ።

በማግስቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ ማህደሩን ገልብጣ ገልብጣ ቀና አለች።

"አባቴ፣ የጭማሪው ደብዳቤ ማህደርዎ ውስጥ የለም። ወደ ጡረታ የተላለፈው እዚህ ያለው ደመወዝ ነው።"

"ታዲያ መዋጮውን የቆረጣችሁብኝ በየትኛው ደብዳቤ ነው?"

ልጅቷ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "እሱ ፋይናንስ ነው" አለች። ፋይናንስ ደግሞ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለው በር ነው፣ አሥር እርምጃ አይሞላም።

"የመጨረሻዎቹን 36 ወር ስሊፕ ያምጡልኝ።"

ቆርቆሮው ውስጥ 35 ብቻ ተገኘ። አንድ የጥር ወር ጎደለ። አልማዝ ፍራሽ አነሳች፣ የመጽሐፍ ቅዱሷን ገጽ ሁሉ አራገፈች፣ ጋሽ አስራት "ተይው በቃ" ሲላት ጭራሽ ተቆጣችው። በሦስተኛው ቀን ወጥ ስታማስል ቀና አለችና አየችው። ግድግዳው ላይ የማኅበሩን ተራ የጻፈችበት ወረቀት፣ ከጀርባው ስሊፕ!

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ያዘችው። "ይሄ ምን ነክቶት ነው?"

"ዘይት ነው። ቁጥሩ ግን ይነበባል።"

588። ይነበባል። ሁሉንም ቆጥራ፣ የመረከቢያ ወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አሳረፈችበት። ማስተካከያው ተጽፎ ወደ ጡረታ ይላካል አለችው።

"ያለፈው አሥራ አራት ወርስ? በወር 1,800 ነው የጎደለኝ። 25,200 ብር።"

"ለእሱ ለብቻው ማመልከቻ ይጻፉ።"

"እሺ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ስክሪብቶ ታውሺኛለሽ?"

ስክሪብቶውን ተቀበለ። መጀመሪያ ግን መነጽሩን አውጥቶ የመረከቢያውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እሱ ግን አልቸኮለም። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

"ልጄ፣ 35 ብለሽ ጽፈሻል። ያስረከብኩሽ 36 ነው።"