ለአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት የተጻፈ የሪፈራል ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ታካሚ፦ ወ/ሮ ሰ. አ.፣ ዕድሜ 43፣ የካርድ ቁጥር 20417
ጉዳዩ፦ ለሕክምና ምላሽ ያልሰጠ ድባቴ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ እንዲታዩልን

የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ፣

በሂሳብ ሠራተኛነት የሚተዳደሩትን፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት የሆኑትን ታካሚዬን እንዲያዩልኝ እልካለሁ። የአሁኑ ሕመማቸው 16 ወር ሆኖታል። ሁለት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው አልሠሩም፤ ሦስተኛ መጨመሩም እምብዛም አልረዳም። ከዚህ በላይ በራሴ መቀጠል ያልፈለግሁት ግን በዋናነት ምርመራው ራሱ ስላጠራጠረኝ ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው አባታቸው ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው ዳግም አይተኙም። ጠዋት ጠዋት ይብስባቸዋል። ልጆቻቸው ሲስቁ እንኳ ምንም እንደማይሰማቸው ይናገራሉ። ንግግራቸውና እንቅስቃሴያቸው ዘገምተኛ ነው፤ ለጥያቄ መልስ እስኪሰጡ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለአባታቸው ሞት ራሳቸውን አጥብቀው ይወቅሳሉ፤ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ግን ወቀሳቸው ልክ መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ስለዚህ እስካሁን የተዛባ እምነት ነው አላልኩም። ድምፅ አይሰሙም። ከሥራ ከቀሩ 5 ወር ሆኗቸዋል።

ሰርትራሊን በ50 ሚ.ግ. ተጀምሮ 150 ደርሷል፤ በዚህ መጠን 6 ሳምንት ቆይተው የፒኤችኪው-9 ውጤታቸው ከ21 ወደ 19 ብቻ ወረደ። ከዚያ ወደ ቬንላፋክሲን (ቀስ ብሎ የሚለቀቀው) ተዛወርን። በ225 ሚ.ግ. 8 ሳምንት ወስደው ውጤቱ 17 ሆነ፤ የደም ግፊታቸው ግን ከ124/78 ወደ 148/94 ስለወጣ ወደ 150 አወረድኩት፤ አሁን 132/84 ነው። ሚርታዛፒን 30 ሚ.ግ. ማታ ማታ ከተጨመረ 7 ሳምንት ሆኖታል። እንቅልፋቸው ትንሽ ተሻሽሏል፣ ክብደታቸው 5 ኪሎ ጨምሯል፣ ስሜታቸው ግን ያው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ውጤቱ 18 ነበር። መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደሚወስዱ ከፋርማሲው መዝገብና የቀረውን ኪኒን በመቁጠር አረጋግጫለሁ። ቬንላፋክሲኑን አንድ ቀን ሲዘሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመስል ንዝረትና ማዞር ይሰማቸዋል፤ ለመቀየር ከወሰኑ ቀስ በቀስ ቢወርድ ይሻላል። 14 ጊዜ የሲቢቲ የንግግር ሕክምናም ተከታትለዋል፤ የቤት ሥራውን ለመሥራት አቅም በማጣት እንጂ ባለመፈለግ አላቋረጡም።

የታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ የቢ12፣ የስኳር፣ የጉበት፣ የካልሲየምና የሶዲየም ምርመራዎች ጤነኛ ናቸው፤ ክሬአቲኒን 0.8፣ ቲኤስኤች 2.1፣ በኢሲጂ ኪውቲሲ 428 ሚሊሰከንድ። አልኮል አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚቀምሱት፤ ሌላ ሱስ የለባቸውም። የእርግዝና መከላከያቸው መዳብ ያለው ሉፕ ነው። የመድኃኒት አለርጂ የለባቸውም።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልመለስ። በመጠይቅ ሲጠየቁ የባይፖላር ምልክት አላገኘሁም። ታላቅ እህታቸው ግን ለብቻ ሲጠየቁ፣ ታካሚዋ በ26 ዓመታቸው ለ5 ቀን ያህል በሌሊት ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል ብቻ ተኝተው ሳይደክሙ፣ ያለማቋረጥ እያወሩና ያጠራቀሙትን ገንዘብ አላስፈላጊ ዕቃ እየገዙበት እንደቆዩ ነግረውኛል፤ ታካሚዋ ራሳቸው ግን ይህን “ደህና የነበርኩበት ጊዜ” ብለው ያልፉታል። የእናታቸው ወንድም በሊቲየም ይታከማሉ። ታካሚዋን በ29 ዓመታቸው የያዛቸው ድባቴ ደግሞ በፍሎክሰቲን 20 ሚ.ግ. በ10 ቀን ውስጥ “ብን ብሎ” ጠፋ ይላሉ፤ ይህ ፍጥነትም ራሱ ዐይን የሚስብ ነው። ሌላ ፀረ ድባቴ ከመጨመር የተቆጠብኩት ለዚህ ነው።

ስለ አደጋው፦ ከዚህ በፊት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው አያውቁም፤ እቅድም የላቸውም። “ተኝቼ ባልነቃ” የሚለው ሐሳብ ግን በሳምንት ብዙ ቀን ይመጣባቸዋል። ከ3 ሳምንት በፊት ባለቤታቸው ለማይግሬን ታዞ የቀረ 60 ፍሬ አሚትሪፕቲሊን ከመሳቢያ አግኝተው ወደ ፋርማሲ መልሰዋል። ታካሚዋ “ረስቼው ነው” ብለዋል፤ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚሰጣቸው ለ7 ቀን ብቻ ሲሆን የሚያስቀምጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔም በየሳምንቱ አያቸዋለሁ። ስለዚህ ሐሳብ የሚናገሩት ባለቤታቸው ከክፍሉ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ መጀመሪያ ለብቻቸው ያነጋግሯቸው።

የምጠይቅዎ፦ ሕመሙ በእርግጥ ድባቴ ብቻ ነው ወይስ ባይፖላር 2? ቀጣዩ እርምጃ ሊቲየም፣ ኩዌቲያፒን ወይስ የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ) ይሁን? ቬንላፋክሲኑስ ይቀጥል? ሊቲየም ከመረጡ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን ክትትል እኔ ልሠራ እችላለሁ። ለወገብ ሕመም ይወስዱት የነበረው አይቡፕሮፌን የሊቲየምን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ ከወዲሁ በፓራሲታሞል ተክቼዋለሁ።

ታካሚዋ ለሪፈሩ ፈቅደዋል፤ “እብድ ተብዬ እንዳልጻፍ” የሚል ስጋት ግን አላቸው። የላቦራቶሪና የኢሲጂ ቅጂዎች ተያይዘዋል። ሁኔታቸው ከቀጠሮው በፊት ከተባባሰ ወደ ድንገተኛ ክፍል እልካቸዋለሁ፤ በዚያው ቀንም አሳውቅዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት