የአክሲዮን ሽያጭ ስምምነት፦ የዋስትና፣ የካሳና የኃላፊነት ጣሪያ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ (ረቂቅ 4)

ለ፦ የገዢው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ የገዢው ጠበቃ
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በዱከም የሚገኘው የፕላስቲክ ጠርሙስ ፋብሪካ 70% አክሲዮን ግዢ፣ ዋጋ ብር 420 ሚሊዮን

ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ከሻጮች ጋር ከመቀመጣችን በፊት ይቺን ሠንጠረዥ ይዩልኝ። ጊዜ ካጠረዎት የግብር ካሳውን መስመር ብቻ ያንብቡ። ትልቁ ችግር እዚያ ነው።

| አንቀጽ | ሻጮች የገቡት ቃል | ጣሪያ | የመጠየቂያ ጊዜ (ከርክክብ ጀምሮ) | ለእኛ ያለው ትርጉም |
|---|---|---|---|---|
| 7.1 | አክሲዮኖቹ የራሳቸው ናቸው፤ መያዣም እግድም የለባቸውም | ብር 420 ሚሊዮን (9.2) | 60 ወር | ጥሩ ነው፤ አይነካ |
| 7.4 | ሒሳቡ ትክክለኛውን የፋይናንስ ሁኔታ ያሳያል | ብር 84 ሚሊዮን | 18 ወር | አንድ ሙሉ የኦዲት ዓመት ይሸፍናል፤ ይበቃል |
| 7.7 | «ሻጮች እስከሚያውቁት ድረስ» ክርክር የለም | ብር 84 ሚሊዮን | 18 ወር | «የሚያውቁት» የሚለካው በአንደኛው ሻጭ እውቀት ብቻ ነው። ፋይናንስ ኃላፊውም ይግባበት |
| 7.9 | ፋብሪካው ግብሩን በወቅቱ አሳውቆ ከፍሏል | ብር 84 ሚሊዮን | 24 ወር | በማሳወቂያ ደብዳቤው ላይ የተገለጸውን አይጨምርም |
| 8.2 | ከርክክብ በፊት ላለው ጊዜ ግብር «ብር ለብር» ካሳ | ብር 84 ሚሊዮን (ከታች ይመልከቱ) | 24 ወር | ጣሪያውም ጊዜውም አይበቃም |
| 8.3 | የ23 የቀድሞ ሠራተኞች ክስ ካሳ (የተጠየቀው ብር 6.3 ሚሊዮን) | ብር 84 ሚሊዮን | ክሱ እስኪያልቅ | ጊዜው ጥሩ ነው |
| 9.3 | ከብር 500,000 በታች የሆነ የዋስትና ጥያቄ አይቆጠርም፤ ድምሩ ብር 4.2 ሚሊዮን ካላለፈ ክፍያ የለም | – | – | የሚከፈለው ከብር 4.2 ሚሊዮን በላይ ያለው ብቻ ነው። ካሳዎቹን አይመለከትም |
| 9.6 | በባንክ ዝግ ሒሳብ የሚቆይ ብር 42 ሚሊዮን | – | 18 ወር | የግብሩ ጊዜ ሳያልቅ ይለቀቃል |
| 9.7 | ሻጮች የሚጠየቁት በየድርሻቸው (50፣ 30፣ 20 በመቶ) | – | – | አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹን መጠየቅ አንችልም |

አሁን ወደ 8.2 ልመለስ። አንቀጹ ለብቻው ሲነበብ ልብ ያሳርፋል፦ «ሻጮች ከርክክብ ቀን በፊት ላለው ጊዜ የሚመለከት ማንኛውንም ግብር ለገዢው ብር ለብር ይክሳሉ።» ሁለት ገጽ ዝቅ ሲሉ ግን 9.1 እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ስምምነት መሠረት ለሚነሳ ማንኛውም ጥያቄ ሻጮች የሚከፍሉት ጠቅላላ መጠን ከብር 84 ሚሊዮን አይበልጥም።» በ9.2 ከጣሪያው ውጭ የተደረጉት የባለቤትነት ዋስትናና ማጭበርበር ብቻ ናቸው። ግብር የለበትም። ስለዚህ «ብር ለብር» የተባለው በጣሪያው ተበልቷል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። ፋብሪካው ይግባኝ ያለበት የብር 31 ሚሊዮን የተጨማሪ እሴት ታክስ ውሳኔ አለ። ውሳኔው በማሳወቂያ ደብዳቤው ስለተገለጸ በ7.9 ልንጠይቅበት አንችልም። የቀረን 8.2 ነው። ይግባኙም የሠራተኞቹም ክስ ቢሸነፍ ብር 37.3 ሚሊዮን ይወጣል። ለቀረው ሁሉ የሚተርፈን ብር 46.7 ሚሊዮን ነው። ከ7.1 በቀር ሌሎች ዋስትናዎች ሁሉ የሚሻሙት ይህንኑ ነው።

ጊዜውም ያሳስበኛል። በግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት፣ ማጭበርበር ባይኖርም ባለሥልጣኑ እስከ 5 ዓመት ድረስ ውሳኔውን ማሻሻል ይችላል። እኛ ግን በ24 ወር እንዘጋለን። በሦስተኛው ዓመት ኦዲተር ቢመጣ ዕዳው የፋብሪካው ነው። 70 በመቶው ደግሞ የእርስዎ ይሆናል።

9.3ን በምሳሌ ላሳይ። የዋስትና ጥያቄዎቻችን ብር 6 ሚሊዮን ቢደርሱ የምናገኘው 1.8 ሚሊዮን ብቻ ነው። «ገደቡ ሲታለፍ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ይከፈላል» እንዲባል መጠየቅ ይቻላል። ግን ሐሙስ አንድ ነገር መተው ካለብን ይህንን ብንተው ይሻላል።

9.7ን ግን አልተውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትም በነጠላም ይጠየቃሉ። ሕጉ የሰጠንን መብት ረቂቁ ወስዶብናል። የ20 በመቶው ሻጭ የሚኖረው ውጭ አገር ነው። እሱን አሳድዶ ማስከፈል ቀላል አይሆንም።

ሐሙስ የማቀርባቸው ለውጦች እነዚህ ናቸው፦

9.2 ላይ የሚጨመር፦ «በአንቀጽ 8.2 እና 8.3 መሠረት የሚከፈል ካሳ በአንቀጽ 9.1 ጣሪያ አይወሰንም፤ በጣሪያው ስሌትም ውስጥ አይገባም። ሆኖም ከሽያጩ ዋጋ አይበልጥም።»

9.4 ላይ ለግብር ጥያቄ «24 ወር» የሚለው «66 ወር» ይሁን። ከ5 ዓመቱ በላይ 6 ወር የጨመርኩት ውሳኔው ደርሶን ጥያቄ እስክናቀርብ ነው።

9.6 ላይ ከብር 42 ሚሊዮኑ 31 ሚሊዮኑ የታክስ ይግባኙ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ አይለቀቅ።

9.7 ላይ «በየድርሻቸው» የሚለው «በአንድነትና በነጠላ» ይባል።

በተረፈ 7.9 ወደ «አባሪ 5» ይመራል። በዚህ ረቂቅ የግብር ዝርዝሩ ያለው አባሪ 6 ላይ ነው። አባሪ 5 የማሽኖች ዝርዝር ነው። ለሻጮች ጠበቃ ዛሬ ጽፌያለሁ።