ጸጋ የእኩል እርሻ አይደለም፦ የ90 ሰከንድ ማብራሪያ

ለተራኪዋ፣ ለቀረጻ ክፍሉና ጽሑፉን ለሚያርሙልን መምህራን

ይህ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። በጸጋና በነፃ ፈቃድ ላይ ሊባል የሚችለው ብዙ ቢሆንም፣ በ90 ሰከንድ አንድ ነገር ብቻ ማለት ይቻላል። የመረጥሁት ይህን ነው፦ «ከመዳኔ ስንት እጁ የእግዚአብሔር፣ ስንት እጁ የእኔ ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጣመመ ነው። ወጣቶቻችን መልሱን ከማጣታቸው በፊት የተጎዱት በጥያቄው ነው። ስለዚህ ትረካው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄውን ያቃናል።

ትረካው

ከ0 እስከ 14 ሰከንድ
ምስል፦ ገራዶ፣ ጠዋት፣ ዝናቡ ያባራበት ማሳ። ሞፈር የያዘ እጅ፣ የበሬዎቹ ኮቴ፣ የተገለበጠ አፈር።
ድምፅ፦ አንዱ መሬት አለው፤ ሌላው በሬና ጉልበት አለው። በእኩል ያርሳሉ፤ ምርቱ ሲገባ ለሁለት ይካፈላሉ። ብዙዎቻችን መዳናችንን የምናስበው እንዲህ ነው፦ ግማሹ የእግዚአብሔር፣ ግማሹ የእኔ።

ከ14 እስከ 28 ሰከንድ
ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። በሥራ መውጫ ሰዓት ብዙ ሰው ይተላለፋል። ካሜራው ማንንም ሳይከተል ቆሞ ይቅረጽ።
ድምፅ፦ እንዲህ ስናስብ ግን መልካም በሠራን ቀን ድርሻችንን ቆጥረን እንመካለን። በወደቅን ቀን ደግሞ «የእኔ ድርሻ ጎደለ፤ አለቀልኝ» ብለን ተስፋ እንቆርጣለን።

ከ28 እስከ 52 ሰከንድ
ምስል፦ ወደ ማሳው እንመለሳለን። ዝናብ በአፈር ላይ ሲወርድ፤ ቀጥሎ የበቀለ ቡቃያ።
በምስሉ ላይ የሚነበብ፦ «የእግዚአብሔር እርሻ ናችሁ» 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥9
ድምፅ፦ ቅዱስ ጳውሎስ «የእግዚአብሔር እርሻ ናችሁ» ይለናል። የምርት ተካፋዮች አላለንም፤ እርሻው እኛው ነን። ዘሩ ስጦታ ነው፤ ዝናቡ ስጦታ ነው፤ አፈሩም ራሱ ስጦታ ነው። የበቀለው እህል ግን በእርግጥ የዚያ መሬት ፍሬ ነው። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ደግሞ የመሬቱ ፍሬ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ከ52 እስከ 78 ሰከንድ
ምስል፦ የብሥራት ሥዕል። ከመልአኩ ፊት ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ እመቤታችን እጆች የሚሄድ ቀረጻ።
ድምፅ፦ መሬት እንቢ ማለት አይችልም፤ ሰው ግን ይችላል። ነፃ ፈቃድ የምንለው ይህን ነው። መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን «ጸጋ የሞላብሽ ሆይ» አላት። ጸጋው ቀደመ። እርስዋም «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» አለች። ማንም አላስገደዳትም። ያ ቃል ሙሉ በሙሉ የእርስዋ ነው። ሙሉ በሙሉም የጸጋ ፍሬ ነው።

ከ78 እስከ 90 ሰከንድ
ምስል፦ ጦሳ ከከተማው ሲታይ፤ ከዚያ ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ከኋላ።
ድምፅ፦ እንግዲህ ዛሬ ለመጸለይ፣ ከተጣላችሁት ለመታረቅ፣ ንስሐ ለመግባት ልባችሁ ቢነሣሣ፣ «ይህ የእኔ ነው ወይስ የእርሱ?» ብላችሁ አትለኩ። ተነሡ።

(የትረካው መጨረሻ)

ለተራኪዋ፦ እኅታችን፣ ጽሑፉ ሆን ተብሎ ጥቂት ቃላት ይዟልና አትቸኩዪ። «ጸጋው ቀደመ» ካልሽ በኋላ ትንፋሽ ውሰጂ፤ «ማንም አላስገደዳትም» ካልሽ በኋላም እንዲሁ። ዝምታው ከጊዜው ውስጥ ታስቦ ገብቷል። «ሙሉ በሙሉም የጸጋ ፍሬ ነው» የሚለውን እንደ እንቆቅልሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አታንብቢው፤ ከፊቱ ባለው ዐረፍተ ነገር ድምፅ አንብቢው። ሁለቱ የሚጋጩ ከመሰሉ ትረካው ከሽፏል። የመጨረሻዋ «ተነሡ» ትእዛዝ አይደለችም፤ ታላቅ እኅት ታናሾቿን የምትቀሰቅስበት ድምፅ ይሁንላት።

ለቀረጻ ክፍሉ፦ ገበሬዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ቀረጻው ለምን እንደሆነም ንገሯቸው። ሙስሊምም ክርስቲያንም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፊታቸውን አትቅረጹ፤ እጅና በሬ ይበቃናል። በወሎ አብሮ የኖረ ጎረቤት፣ ሳያውቅ የሌላው ትምህርት ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ለብሥራቱ ሰው አልብሳችሁ እንዳታሠሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱን አስፈቅደን እመቤታችን ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል የሚያሳየውን ሥዕል እንቀርጻለን። ካሜራው እጆችዋ ላይ ሲደርስ ክሩ ይታይ፦ መልአኩ የመጣው ሥራ ላይ ወዳለች ሴት ነው፤ ይህን ምስሉ ከተናገረው ድምፁ መናገር አያስፈልገውም። ሙዚቃ አትጨምሩ። ከፈለጋችሁ የዝናቡን ድምፅ ብቻ ተዉት።

ለመምህራኖቻችን፦ «ጸጋ» ስል ሁለተኛ ድርሻ ሆኖ ከጎናችን የሚቆም ኃይል ማለቴ አይደለም፤ ይህን በጥብቅ ያዙልኝ። ጽሑፉ የቆመው በፊልጵስዩስ 2፥12 እና 13 ላይ ነው። ሐዋርያው «የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ካለ በኋላ ምክንያቱን ይሰጣል፦ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና። የእግዚአብሔር ሥራ የእኛን ሥራ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ በሁለተኛው ይፈርስ ነበር። ለጳውሎስ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው መሠረት ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ስለ ራሱም እንዲሁ ይናገራል፤ ከሁሉ ይልቅ ደከምሁ ይላል፤ ወዲያውም እኔ አይደለሁም፣ ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው ይላል። ድካሙን አልካደም፤ ጸጋውንም አላሳነሰም። ዝናብ የጠጣች ምድር የሚለው ምሳሌም ከእኔ የመጣ አይደለም፤ ዕብራውያን 6፥7 ላይ አለ። እኔ የጨመርሁት የእኩል እርሻን ነው። በአካባቢያችን ሁሉም ያውቀዋልና ስሕተቱን ከእውነቱ ለመለየት ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ኤፌሶን 2፥8ን ለምን አልጠቀስህም የሚለኝ ይኖራል። ቁጥር 8 ያለ ቁጥር 10 ሲነበብ ሥራን የሚያጣጥል ይመስላል፤ ሁለቱን አብሮ ለማንበብ ደግሞ ጊዜ የለም። «ያለ አንተ የፈጠረህ ያለ አንተ አያድንህም» የሚለውን የአውግስጢኖስን ቃልም ትቼዋለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሰማ ወጣቱ «ስለዚህ ግማሹ የእኔ ነው» ብሎ ይቀበለዋል፤ እኛ ልናፈርስ የተነሣነውም ይህንኑ ግማሽ ነው። ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ ጽድቅን ሊፈጽም ይችላል የሚለው የጴላግዮስ ወገን አሳብ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች ንስጥሮስን ሲያወግዙ የጴላግዮስን ተከታይ የኬልስትዮስን አሳብ የሚይዙትንም አውግዘዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤውን ስለምትቀበል ነገሩ ይመለከተናል። ጥምቀትና ቅዱስ ቁርባን ያልተነሡት ተረስተው አይደለም፤ ጸጋ በምሥጢራት እንዴት እንደሚሰጠን የራሱ 90 ሰከንድ ይገባዋል።

ከዕይታው በኋላ በሚኖረው ውይይት የሚነሡትን ጥያቄዎች ከወዲሁ እናውቃቸዋለን። አንደኛው ስለ ፈርዖን ነው፦ ልቡን ያደነደነው እግዚአብሔር ከሆነ ምን ጥፋት አለው? ለሙሴ አስቀድሞ የተነገረው እንዳለ ሆኖ፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል አንብቡላቸው። ዘጸአት 8 ላይ ፈርዖን ራሱ ልቡን እንዳደነደነ ይነገራል፤ እግዚአብሔር ልቡን አደነደነ የሚለው በመቅሠፍቶቹ ታሪክ ውስጥ የሚመጣው ምዕራፍ 9 ላይ፣ ከሻህኙ መቅሠፍት በኋላ ነው። እንቢታው ቀድሞ ነበር።

ሌላው ስለ ፈያታዊ ዘየማን ነው። ምንም ሳይሠራ ዳነ ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ብላችሁ እንድትመልሱ እመኛለሁ፦ እጁና እግሩ ተቸንክሮ ሊንቀሳቀስ የሚችለው ምላሱ ብቻ ነበር፤ በዚያችው «አስበኝ» አለ። በግራ የተሰቀለውም ለጌታ የነበረው ቅርበት ያው ነበር። የቀኙ ሰው የሰጠው ከድርሻው ተቆርጦ የተለካ አይደለም፤ የቀረውን ሁሉ ሰጠ፤ ያን የመስጠት ልብ ያገኘውም ከጎኑ ከተሰቀለው ነው። ይህ ታሪክ ከትረካው ይልቅ ጉዳዩን ያብራራ ይሆናል፤ 90 ሰከንድ ቢበቃን ኖሮ እርሱን አስገባ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲገባ ያየ ወጣት፣ «የሰውን ፈቃድ የሚያከብር አምላክ የገዳዩን ፈቃድ ለምን አላስቆመም?» ሊለን ይችላል። እባካችሁ በዚህ ትረካ አትመልሱለት። ጽሑፉ የተጻፈው መልካም ለማድረግ ለሚፈራ ሰው ነው፤ በሌላው ክፉ ፈቃድ ለቆሰለ ሰው ይህን መስጠት ቁስሉን መነካካት ነው። ማን እንደሞተበት ጠይቁት፤ ስሙን ይንገራችሁ፤ አብራችሁ ጸልዩ። ደግሞ ቢመጣ ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ አብራችሁት ተቀመጡ። እኔም ስጠራ እመጣለሁ።

እርማታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ ብትልኩልኝ ዓርብ ከተራኪዋ ጋር እናስተካክለዋለን። ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ካባራ ገራዶ እንወርዳለን፤ ካላባራ በመጀመሪያ ሥዕሉንና ፒያሳን ቀርጸን ማሳውን ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየዋለን።